ለአቅራቢ የሰጡት ቼክ ቀኑ ሲቃረብ

«የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ለብረት አከፋፋዬ ለሰኔ 30 የተጻፈ የ400,000 ብር ቼክ ሰጥቻለሁ። በዱቤ የወሰደብኝ ተቋራጭ ግን የሚከፍለኝ በሐምሌ 25 ነው። አከፋፋዩን ጊዜ እንዴት ልጠይቀው?»

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቼኩ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ስለዚህ ቼኩ ባንክ ከመድረሱ በፊት፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ በአካል ይሂዱ። ከተመለሰ በኋላ የሚቀርብ ልመና ሰሚ አያገኝም።

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሁኑ። ለምሳሌ 100,000 ብር አሁን ይክፈሉ፤ ቀሪውን 150,000 ብር በነሐሴ 5፣ ሌላውን 150,000 ብር በነሐሴ 25 ለመክፈል ይጠይቁ። ቀኑን ሐምሌ 25 ላይ አያድርጉት፤ ተቋራጮች ክፍያ ማዘግየታቸው የተለመደ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ደግሞ እምነት ያሳጣል። ከተቋራጩ ጋር የተፈራረሙትን ውል ወይም የክፍያ ሰነድ ያሳዩት። አከፋፋዩ ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ከተስማማ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። አሮጌውን ቼክ በእጅዎ ሳይቀበሉ አዲስ ቼክ ፈጽሞ አይስጡ፤ ሁለቱም እሱ ዘንድ ከቀሩ በአንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ሊጠየቁ ይችላሉ። እኔ ብሆን በቼክ ፈንታ በባንክ ማስተላለፍን እመርጥ ነበር። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ በመሆኑ፣ የወደፊት ቀን ስለተጻፈበት ብቻ አስተማማኝ አይሆንም።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከእሱ የሚወስዱትን አዲስ ብረት በጥሬ ገንዘብ እንደሚገዙም ይንገሩት። ዕዳው እንደማይጨምር ሲያይ ለመስማማት ይቀለዋል።