ዝም ማለት ጥፋት ማመን አይደለም

«ወንድሜን እዚህ ጅማ ጣቢያ ለቃል ጠርተውታል፣ መስሪያ ቤቱ እቃ ጎድሏል ብሎ ከሶት ነው። ዝም ካለ ጥፋተኛ ነው አይሉትም? ቢናገር አይሻልም?»

እህቴ እኔ በዚሁ ነው የተቃጠልኩት፣ ስለዚህ ሳይሄድ በፊት አንብቢለት።

1. መጥሪያ ከደረሰው ይሂድ፣ ከቀረ አስይዘው ያመጡታል። ስሙንና አድራሻውን ይናገር፣ እሱ ግዴታ ነው። ከዛ በኋላ ስለ ጉዳዩ ሲጠይቁት «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ማለት ይችላል፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሆኖ እንደሚቀርብበትም መርማሪው ቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ለኔ ማንም አልነገረኝም።

2. ቋንቋውን ይጠንቀቅ። እኔ የቡና መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፣ አራት ኬሻ ጎደለ ተባለና ተጠራሁ። መርማሪው ሻይ አዞልኝ «ንጹህ ከሆንክ ምን ያስፈራሃል፣ ተናግረህ ማታ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ፣ እኔም እውነት ይዤ ምን እሆናለሁ ብዬ ዘረገፍኩት። «ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፣ የዛን ቀን ማታም አምሽቻለሁ፣ ግን አልነካሁም» አልኩ። እሱ በኦሮምኛ ጻፈው። ኦሮምኛ መርካቶ እየተገበያየሁ ነው የለመድኩት፣ አወራለሁ ግን ማንበብ አልችልም። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለኝ ሳላውቅ ሶስቱም ገጽ ላይ ፈረምኩ። «ግን አልነካሁም» ያልኩት አልተጻፈም!

ደሞ ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ አልነበረም። ሚዛን የሚይዘው ልጅ ትርፍ ቁልፍ እንደነበረው ያስታወስኩት እስር ቤት ሆኜ ነው፣ ያኔ ግን ወረቀቱ ላይ ፊርማዬ አለ።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ጠበቃዬ ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቀጽ 20 እንደ ንጹህ ትቆጠራለህ ይላል፣ ማለትም ማስረዳት ያለበት አቃቤ ህግ ነው፣ ካላስረዳ አንድም ምስክር ሳታቀርብ በነጻ ትሰናበታለህ። የነሱ ምስክሮች ኬሻው መጉደሉን እንጂ እኔ መውሰዴን አላዩም፣ እዛው ላይ ያልቅ ነበር። ግን የራሴ ቃል ተነበበና «ተከላከል» ተባልኩ። የጎደላቸውን ማስረጃ በገዛ አፌ ሞላሁላቸው። ትርፍ ቁልፉን የሚያውቅ ምስክር አፈላልጌ ነጻ እስክወጣ ስምንት ወር ሄደ፣ ስራዬም ሄደ።

3. ዝም ካለ ወዲያው ይለቁታል ማለት አይደለም። ከያዙት በ48 ሰአት ውስጥ (የመንገዱን ጊዜ ሳይጨምር) ዳኛ ፊት ማቅረብ አለባቸው፣ ፖሊስም ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያኔ ዋስትናውን እዛው ይጠይቅ። ጥቂት ቀን መታሰር ከባድ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ከተፈረመ ወረቀት ጋር መታገል ግን ይብሳል። ካስፈራሩት ወይ ከመቱት ዳኛው ፊት በመጀመሪያው ቀን ይናገር፣ በግድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ቃል ሰጥቶ ከሆነ ደሞ በሚገባው ቋንቋ ሳይነበብለት እንዳይፈርም። ለመቼ ነው የጠሩት? አማርኛ ነው ኦሮምኛ የሚያነበው?