ኤርታ አሌ ለምን እንደ ሴንት ሄለንስ አይፈነዳም?

«ሰዎች የኤርታ አሌን የላቫ ሐይቅ አፋፉ ላይ ቆመው ሲያዩ ኖረዋል፤ ሌላው እሳተ ገሞራ ግን ተራራ ይገነጥላል። ለምን?»

ዋናው ነገር ጋዙ መውጫ ማግኘቱ ነው። የኤርታ አሌ ቅልጥ ዐለት የሚያወፍረው ማዕድን ሲሊካ ግማሽ ያህል ብቻ፣ ሙቀቱም ከ1,100 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ቀጭን ነው፤ የጋዙ አረፋ በቀላሉ ያመልጣል። ላቫው ርቆ ስለሚፈስም ተራራው እንደ ጋሻ ተንጣልሎ ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው።

አሜሪካ ያለው ሴንት ሄለንስ አመድና ላቫ እየተደራረቡ የሠሩት ቀጥ ያለ ተራራ ነው። ቅልጡ ሲሊካ ስለሚበዛበት ወፍራም ነው፤ ጋዙ ታፍኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ይኸው ቅልጥ የሰሜኑን ጎን በቀን 2 ሜትር ያህል ሲያሳብጥ ሰነበተ። ሜይ 18 ቀን ጎኑ ሲናድ ጫናው ድንገት ተነሣ፤ ጋዙም ፈነዳ፤ በመናዱና በፍንዳታው ተራራው 400 ሜትር ያህል አጠረ።

ጋሻማው ሁልጊዜ ገር ነው ማለት ግን አይደለም፤ የሃዋዩን ጋሻማ ተራራ ኪላዌያን እ.ኤ.አ. በ1924 ወደ እንፋሎት የተለወጠ የከርሰ ምድር ውሃ አፈንድቶታል።