ከፎቶ የተገለበጠ ሠንጠረዥ፦ የድምር ረድፉ ቀመር ይሁን

«የወጪ ሠንጠረዥ ከፎቶ ወደ ኤክሴል አስገባሁ። አንዱን ዋጋ ሳስተካክል ግን ጠቅላላ ድምሩ አይነቃነቅም። ምን ላድርግ?»

ፎቶው ቀመር አይዝም፤ የሚታየውን ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ድምሩን አንተ እንደገና ትሠራዋለህ። ግን ከፎቶው የመጣውን ድምር ቶሎ አታጥፋው፣ ማመሳከሪያ ይሆንሃል። ዋጋዎቹ ከD2 እስከ D9 ናቸው እንበል። የፎቶውን ድምር ወደ D12 አውርደው። D10 ላይ የመጀመሪያውን፣ D13 ላይ ሁለተኛውን ጻፍ፦

```
=SUM(D2:D9)
=D12-D10
```

D13 ዜሮ ካለ ጨርሰሃል፣ D12ን እና D13ን አጥፋቸው። ዜሮ ካልሆነ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ፎቶው 48,650 ብሎ ቀመሩ 47,400 ቢያወጣ፣ የጎደለው 1,250 ነው። 1,250 የሚል ረድፍ ካለ እሱን ተጠራጠር፦ የመጨረሻው ዜሮ O ፊደል ሆኖ ገብቶ ይሆናል። ያኔ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ SUM ደግሞ ጽሑፍን ምንም ሳይል ይዘለዋል። ቁጥሩ D5 ላይ ከሆነ ማጣሪያው ይህ ነው፦

```
=ISTEXT(D5)
```

TRUE ካለ ቁጥሩን በእጅህ ድጋሚ ጻፈው። ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ አሃዞች ተቀያይረው ይሆናል፤ 3,450 በ3,540 ቢተካ ልዩነቱ 90 ነው። ሁሉም ረድፍ ከፎቶው ጋር ተመሳስሎ ልዩነቱ ካልጠፋ፣ መጀመሪያውኑ የተደመረው ወረቀቱ ላይ በስህተት ነው። ይሄ ያጋጥማል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቀመሩን ወደ ጎን ስትጎትት የነጠላ ዋጋ ዓምድን ዝለለው። እሱ አይደመርም።