የቀነሰው ሕዝቡ ነው ወይስ ድርሻው?

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። በጂኦግራፊ ፈተና የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ መጣላት። የገጠሩ ከ86.3 ወደ 83.9 በመቶ ይወርዳል። «የገጠሩ ሕዝብ በ2.4 በመቶ ቀነሰ» ብላ ጻፈች፤ ኤክስ ተደረገባት። ሒሳቡ ልክ ነው። ታዲያ አማርኛው ምን ሆነ?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ቦታ ላይ ተሰናክሏል። ትልቁ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ከመቶኛው ጎን ያለውን የቁጥር ዓምድ ይዩት። በ1987 የአገሪቱ ሕዝብ 53.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ የገጠሩ 46.2 ሚሊዮን ነው። በ1999 ጠቅላላው 73.8፣ የገጠሩ ደግሞ 61.9 ሚሊዮን ደረሰ። የገጠሩ ሕዝብ ከ15 ሚሊዮን በላይ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። የቀነሰው ድርሻው ነው፤ ከተሜው በፍጥነት ስለጨመረ። ከ7.3 ሚሊዮን ወደ 11.9 ሚሊዮን ሄዷል፤ ይህም የ63 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው። የገጠሩ ጭማሪ ግን 34 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከመቶኛ ዓምድ ላይ ሲነበብ «የገጠሩ ሕዝብ ድርሻ» መባል አለበት። አንዲት ቃል ናት፤ ግን እሷ ከሌለች መልሱ ተገልብጦ ይነበባል።

ሁለተኛው «በ2.4 በመቶ» የሚለው ነው። «በ» ከ«ቀነሰ» ጋር ሲመጣ የለውጡን መጠን ይናገራል፣ «ወደ» ደግሞ የተደረሰበትን። ይህን ልጅዎ አልሳተችም። ነገር ግን «በ2.4 በመቶ» ስንል አንባቢ የሚረዳው የመነሻው 2.4 በመቶ ተቀነሰ ብሎ ነው። መነሻው 86.3 ነው፤ 2.4 ለ86.3 ሲካፈል 2.8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለት መቶኛዎችን አቀናንሰን የምናገኘው ልዩነት «መቶኛ ነጥብ» ይባላል። «በ2.4 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ» ማለት ትክክል ነው። ሲነበብ ግን «ሁለት ነጥብ አራት መቶኛ ነጥብ» እየሆነ ምላስ ያደናቅፋል፤ ሁለቱ «ነጥብ» ይጋጫሉ። እኔ ብሆን እንዲህ ብትጽፍ እመርጣለሁ፦

«የገጠሩ ሕዝብ ድርሻ ከ86.3 በመቶ ወደ 83.9 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ ቁጥሩ ግን ከ46.2 ሚሊዮን ወደ 61.9 ሚሊዮን አድጓል።»

«ከ… ወደ…» መነሻውንም መድረሻውንም ስለሚያሳይ መምህሩ የቱን ቁጥር ከየት እንዳነሳች ወዲያው ያያል። ሠንጠረዡ መቶኛ ብቻ ይዞ ጠቅላላው ቁጥር ካልተሰጠ ግን ሁለተኛውን ሐረግ ትተወው። ከመቶኛ ብቻ ሕዝቡ ጨመረም ቀነሰም ማለት አይቻልም።