ጣልያን፣ ንጉሡና ድርቁ፦ የአያትን ዕድሜ ከትዝታ ማውጣት

«ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የአያቴ መታወቂያ 1928 ተወለደች ይላል፣ ግን ማንም አያምነውም። እሷ የምታውቀው ንጉሡ ሲወርዱ ሁለተኛ ልጇ ደረቷ ላይ እንደነበረች፣ የመጨረሻ ልጇን ደግሞ በድርቁ ዓመት እንደወለደች ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ ዕድሜዋን ማወቅ ይቻላል? የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።»

እህቴ፣ ይቻላል። ቀኑን ላታገኚው ትችያለሽ፤ ዓመቱን ግን ወደ ሁለት ሦስት ዓመት ማጥበብ ይቻላል። እኔ በ1999 ሕዝብ ቆጠራ ላይ ቆጣሪ ነበርኩ። ያኔ ዕድሜውን የማያውቅ አዛውንት ሲገጥመን በታሪካዊ ክስተቶች እያስታወስን እንገምት ነበር። በኋላ በዚያው መንገድ የእናቴን ታላቅ እህት ዕድሜ አወጣሁ። እሳቸውም እዚያው ሱሉልታ ናቸው። የእሳቸውን ነገር በዝርዝር ልንገርሽ፣ መንገዱ ከዚያ ይገባሻል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር። «ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂ። እሳቸው ቁጥር የላቸውም፤ አንቺን ደስ ለማሰኘት ግን ቁጥር ይፈጥራሉ። «ሃያ ይሆነኛል» ካሉሽ ሃያው ከየትም የመጣ ነው። ግምት ሁልጊዜ ወደ ሙሉ ቁጥር ያጋድላል፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስልሳ። ብዙ መታወቂያ ላይ ያለው ዓመትም እንዲህ የተጻፈ ነው። ይልቅ «ያን ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?» በይ። ጥጃ ትጠብቅ ነበር ወይስ ከብት? ውኃ በትንሽ ቅል ትቀዳ ነበር ወይስ እንስራ ታዝል? ጥርሷ ወልቆ ነበር? ተድራ ነበር? አርግዛ ነበር? ሰው ዕድሜውን ይረሳል፣ ያኔ በእጁ የነበረውን ሥራ ግን አይረሳም።

የአክስቴ መታወቂያ 1930 ይላል። እኔ የያዝኩት ፍንጭ አራት ነበር።

የመጀመሪያው የጣልያን ጊዜ ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፣ ንጉሡ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። አክስቴ ስለ ጣልያን ብዙ ያወራሉ። ግን ስጠይቃቸው ያዩት ነገር የለም፤ ሁሉም «እናቴ እንዳለችኝ» የሚል ነው። ይህን መለየት ዋና ነገር ነው። የተወራለትና የታየ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ አፍ ይወራሉ። ለመለየት ትንሽ ነገር ጠይቂ፦ የት ቆመሽ አየሽው? ማን ይዞሽ ነበር? የታየ ነገር ቦታና ሰው አለው። ልጅ በደንብ ማስታወስ የሚጀምረው በአራት በአምስት ዓመቱ ገደማ ነው። ስለዚህ አክስቴ ጣልያን ሲወጣ ወይ አልተወለዱም ወይ በጣም ሕፃን ነበሩ።

ሁለተኛው የታኅሣሥ ግርግር ነው፣ የ1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ። አክስቴ ቅቤ ይዘው ከሌሎች ሴቶች ጋር እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሽሮ ሜዳ ሊወርዱ ሲሉ፣ ከከተማ የሚሸሹ ሰዎች «ተኩስ አለ፣ ተመለሱ» አሏቸው። ይህ የታየ ነው፤ ማን አጠገባቸው እንደነበረ ሳይቀር ይናገራሉ። ከዚያ በጣም የጠቀመኝን ነገር ጨመሩልኝ፦ «ጥር ላይ ተዳርኩ፣ ግርግሩ ዓመቴን ሳልደፍን ነው።» እንግዲህ ሠርጉ ጥር 1952 ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ደግሞ የክርስትና ወረቀት አለው፤ የተወለደው በ1955 ነው። ሁለቱ ይገጥማሉ።

ሦስተኛው ፍንጭ ለእኛ አገር ብቻ የሚሠራ ነው፣ ብዙ ሰውም አይጠቀምበትም። የአክስቴ እናት «በዘመነ ማርቆስ፣ በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ወለድኩሽ» ይሏቸው ነበር። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን እንደሚዞር ታውቂያለሽ፤ እንቁጣጣሽ ላይ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ስሌቱ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍይ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ አክስቴ ሊወለዱ የሚችሉት በ1926፣ በ1930፣ በ1934፣ በ1938 ወይም በ1942 ብቻ ነው። ሃያው ዓመት ወደ አምስት ወረደልኝ። (ሙስሊም ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ረመዳን በየትኛው ወቅት እንደነበረ ጠይቁ። በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ በክረምት መጾምና በበጋ መጾም የተለያየ ዘመን ነው።)

አሁን አንድ በአንድ እንጣል። በ1926 ቢወለዱ ጣልያን ሲወጣ ሰባት ሊሞላቸው ነው፣ ባዩት ነበር። ወደቀ። በ1942 ቢሆን ዘጠኝ ተኩል ላይ ተድረው በ12 ወይም በ13 ወለዱ ማለት ነው። ይህም ወደቀ። መታወቂያው ላይ ያለው 1930 ማርቆስ መሆኑ አስገርሞኛል። ጣልያን ሲወጣም ሦስት ዓመት ስለማይሞላቸው አለማስታወሳቸው አይጥለውም። ግን ሲዳሩ 21 ዓመት አልፏቸው ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር፣ በ13 በ14 በሚዳርበት፣ 21 የሞላት ልጅ «ቆሞ ቀር» ትባል ነበር። አክስቴ እንዲህ ተብለው አያውቁም። የቀሩት 1934 እና 1938 ናቸው።

እዚህ ላይ አራተኛው ፍንጭ ፈረደልኝ። ጎረቤታቸው የነበሩ ሰው ኮሪያ ዘምተዋል። ሲሸኙ አክስቴ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ነበር፣ ልጆች ያሾፉባቸው ነበር። ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ወጥመድ ግን አለው። የኮሪያ ዘመቻ አንድ ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የሄደው በ1943 ነው፣ ከዚያም በየተራ ሌሎች ሄደዋል። «ኮሪያ» የሚለው ቃል ብቻውን የጥቂት ዓመት ስፋት አለው። የሰውየው ልጆች ያስቀመጡት ወረቀት ላይ «ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ» የሚል አገኘን። እሱ የሄደው በ1945 ነው። በ1934 የተወለደች ልጅ ያኔ አሥር አልፏታል፣ የፊት ጥርሷ ከተተካ ቆይቷል። በ1938 የተወለደችው ግን ሰባት ሊሞላት ጥቂት ወር ቀርቷታል፤ የፊት ጥርስ የሚወልቀው ልክ በዚያ ዕድሜ ነው። እንግዲህ ሐምሌ 20 ቀን 1938። መታወቂያው ስምንት ዓመት ጨምሮባቸው ነበር።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሺው ተጠንቀቂ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት። የአክስቴ ሐምሌ 1938 ወደ 1946 ይመጣል። አንዳንድ ሰው ቅጽ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ዓመት እንደኛ አድርጎ ያነበዋል፣ አዛውንቱም በአንዴ ስምንት ዓመት ይቀንሳሉ።

ማመሳከሪያ ደግሞ ያስፈልጋል። አክስቴ «ንጉሡ ሲወርዱ አራተኛዬን አርግዤ ነበር» አሉኝ። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። የመጀመሪያው ልጅ 1955 ከሆነ፣ ጡት እያጠቡ በሦስት ዓመት ገደማ ቢወልዱ 58፣ 61፣ 64፣ 67 ይመጣል። አምስተኛ መሆን ነበረበት። ቀስ ብዬ ስጠይቅ አንድ ልጅ በሕፃንነቱ ሞቷል። ብዙ እናቶች የሞተውን አይቆጥሩም፣ ስሙንም አያነሱም። ይህን ካልጠየቅሽ ስሌቱ ሦስት ዓመት ይዛነፋል።

ወደ አንቺ አያት እንምጣ። መጀመሪያ ድርቁን እንለየው። አዛውንቶች «ድርቁ» ሲሉ ወይ የ66ቱን ወይ የ77ቱን ነው፣ በዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የእህል ዋጋ መናሩንና ከወሎ የተሰደደውን ሰው ነው፣ ያ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ ነበር። የሚለያቸው መሬቱ ነው። «ያን ዓመት የእርሻውን እኩሌታ ለባለመሬት ትሰጡ ነበር ወይስ ገበሬ ማኅበር ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። የመሬት አዋጁ የወጣው የካቲት 1967 ነው። ባለመሬት ካለ 66 ነው፣ ገበሬ ማኅበር ወይም «ሰፈራ» የሚል ቃል ከመጣ 77። በአንቺ አያት ግን መልሱ ከወዲሁ ያለ ይመስለኛል። ንጉሡ ሲወርዱ ሁለተኛዋ ደረታቸው ላይ ከነበረች፣ የመጨረሻው ልጅ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ ድርቁ የ77ቱ ነው።

መታወቂያው እውነት ቢሆን ታዲያ የመጨረሻ ልጃቸውን በ49 ዓመታቸው ወለዱ፣ ሁለተኛዋን ደግሞ በ38 ወይም በ39። ከ45 በኋላ የምትወልድ ሴት በጣም ጥቂት ናት። በ1977 ከ45 በታች ከነበሩ፣ ልደታቸው ከ1932 ወዲህ ነው። ሁለተኛ ልጅ በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ባለው ነው የሚመጣው፤ ያ ከ1942 እስከ 1948 አካባቢ ያደርሰናል። ገና ሰፊ ነው፣ ግን ከ1928 ጋር አይገናኝም።

የሚያጠበው ሦስት ነገር ነው። ደረት ላይ የነበረችው ልጅ በመስከረም 67 ትቀመጥ ነበር ወይስ ትድህ ነበር፣ የክርስትና ወረቀትስ አላት? ከእሷ በፊት ወይም ከመጀመሪያዋ በፊት የሞተ ልጅ ነበር? ይህንን ብቻቸውን ሆነው፣ ሰው በሌለበት ጠይቂያቸው። ሦስተኛው ዘመነ ማን እንደተወለዱ። እሳቸው ባያውቁት፣ አብራቸው ያደገች እኩያ ወይም ታናሽ ወንድም ሊያውቅ ይችላል፤ «ከአንቺና ከእሷ ማን ይበልጣል?» የሚለውም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ግርግሩን የሚያስታውሱ ከሆነም ያኔ ምን ይሠሩ እንደነበር ጨምሪበት። መልሱን ይዘሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።