ጡረታን በአንድ ጊዜ ወይስ በየወሩ? የታክሱ ልዩነት

«ዕድሜዬ 62 ነው፣ አሜሪካ ነው የምኖረው። ከመሥሪያ ቤቴ ጡረታ 120,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ልውሰድ ወይስ በየወሩ 700 ዶላር? ታክሱ የቱ ላይ ይከብዳል?»

ቼኩ በስምዎ ተጽፎ ከመጣ በጣም የሚከብደው እሱ ነው። ፕላኑ ለፌዴራል ታክስ 20 በመቶ የመቁረጥ ግዴታ ስላለበት እጅዎ የሚገባው 96,000 ነው። የተቆረጠው 24,000 ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ የመጨረሻው ሂሳብ አይደለም፤ ሙሉው 120,000 በዚያ ዓመት ገቢዎ ላይ ይደመራል። ለምሳሌ በ2024 40,000 ዶላር ደመወዝ የነበረው ላጤ ከፍተኛ የታክስ እርከኑ 12 በመቶ ነበር። 120,000ው ሲጨመርበት ከፊሉ በ22፣ ከፊሉ በ24 በመቶ ይታሰባል። ያለ ዕድሜ በማውጣት የሚጣለው የ10 በመቶ ቅጣት ግን በዕድሜዎ አይመለከትዎትም።

በየወሩ ከሆነ በዓመት የሚደመረው 8,400 ብቻ ነው፤ የሚቆረጠውንም በ W-4P ፎርም ራስዎ ያስተካክላሉ።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት ከፈለጉ «ዳይሬክት ሮልኦቨር» ብለው ይጠይቁ። ቼኩ አይ አር ኤ የተባለውን የግል ጡረታ ሂሳብ በከፈቱበት ተቋም ስም ይጻፋል፣ ምንም አይቆረጥም፣ ታክስ የሚከፍሉት ከዚያ በሚያወጡት ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ቼኩን በስሙ ይቀበልና ኋላ ሐሳቡን ይቀይራል። በ60 ቀን ውስጥ 96,000ውን ብቻ ወደ አይ አር ኤ ቢያስገባ፣ የተቆረጠው 24,000 እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። ከዚህ ለመዳን 24,000ውን ከኪሱ ሞልቶ፣ ታክስ ሲያሠራ እስኪታሰብለት መጠበቅ አለበት።