የአይጥ ሽንትና ሰገራ የሞላውን ዕቃ ቤት ያለ መጥረጊያ ማጽዳት

«ጋሼ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ሦስት በአራት ሜትር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከረመ። አሁን ስከፍተው ሽታው አያስገባም። መደርደሪያው፣ የቆርቆሮ መጠጦቹ፣ ካርቶኑ ሁሉ የአይጥ ሰገራ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍም ማዳበሪያው ተበጥሷል። አንዱ ጥግ ጣሪያው አፍስሶ እስካሁን እርጥብ ነው። ወንድሜ መጥረጊያ ይዞ ሊገባ ሲል አስቆምኩት። ነፍሰ ጡር ነኝ። ያሳምማል የሚባለው እውነት ነው? እንዴት ነው የሚጸዳው? ምኑን ነው የምጥለው?»

እህቴ፣ አዎ፣ ያሳምማል። አንቺ ሥራው እስኪያልቅ በሩን አትለፊ፤ አይጦች ከሚያስተላልፏቸው ነገሮች ፅንስን የሚጎዳ አለ። ወንድምሽ ያጽዳ፤ አስም ካለበት ግን እሱም ይቅርና ሌላ ሰው ፈልጉ። የአይጥ ሽንት ደርቆ ሲቦን አስም ያስነሳል።

ዕቃ ቤትሽን እንደ ሁለት ክፍል አስቢው። አንደኛው ደረቁ መደርደሪያ፣ ሁለተኛው እርጥቡ ጥግ ነው። አደጋቸው ለየቅል ነው።

በደረቁ በኩል የሚያሰጋን አቧራው ነው። ሽንቱ መደርደሪያው ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ሰገራውም ይፈረፈራል። መጥረጊያ ሲነካው ይቦንና አፍንጫና ሳንባ ይገባል፣ ያልተበከለው ዕቃ ላይም ያርፋል። ሰገራው ውስጥ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣው ሳልሞኔላ ሊኖር ይችላል፤ ይሄ ተህዋስ ድርቀትን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሀንታ ቫይረስ አንብበሽ ይሆናል። ያ በሽታ ሰውን በመያዝ በደንብ የሚታወቀው በአሜሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ነው። እኛ ዘንድ ቀድሜ የማስበው እሱን አይደለም፤ የጽዳቱ ዘዴ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

እርጥቡ ጥግ ላይ የምፈራው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ ነው። ባክቴሪያው አይጧ ኩላሊት ውስጥ ይኖራል፣ ከሽንቷ ጋር ይወጣል፤ እሷን ግን አያማትም። ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል። ውሃ ባቆረ ወይም እርጥብ በሆነ ቦታ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ወደ ሰው የሚገባው በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በተቧጨረ እጅ፣ በዓይን፣ በአፍንጫና በአፍ ነው። ስለዚህ እዚያ ጥግ በነጠላ ጫማ መግባት ክልክል ነው።

ከጽዳቱ በፊት አይጦቹ አሁንም መኖራቸውን እወቂ። ትኩስ ሰገራ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል፣ የቆየው ግራጫ ይሆናል። ፒያሳ አካባቢ ደግሞ አጠገብ ያለ አሮጌ ቤት ሲፈርስ እዚያ የነበሩት ወደ ቀረው ቤት ነው የሚሰደዱት። ካሉ በወጥመድ ያዟቸው። ወጥመዱን ግድግዳውን አስጠግታችሁ፣ የምግቡን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙራችሁ አስቀምጡ፤ የለውዝ ቅቤ በትንሹ ይበቃል። እህል የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ መርዝ መበተንን አልመክርም። መርዝ የበላች አይጥ ኮርኒስ ወይም ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞትና ሽታው አያስቀምጣችሁም። ሳምንት ሙሉ አዲስ ሰገራ ካልታየና ወጥመዱ ባዶ ከሆነ ወደ ጽዳቱ ግቡ። ወጥመድ የሚያይ ሰውም ጓንትና ማስክ ያድርግ።

ለጽዳቱ ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የዓይን መከለያ መነጽርና ኤን-95 ማስክ ያስፈልጋል። ተራው የጨርቅ ማስክ ደቃቁን አቧራ አያቆምም። ቁስል ካለው ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍነው። ልብሱ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና የሚታጠብ አሮጌ ልብስ ይሁን።

ከዚያ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ይውጣ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየር ይግባበት። ነፋሱ ወደ ሱቁ እንዳይነፍስ የመሃሉን በር ዝጉ። የክፍሉን መብራትም ከቆጣሪው በኩል አጥፉ፤ አይጥ ሽቦ ትበላለች፣ እናንተ ደግሞ ውሃ ልትረጩ ነው።

በረኪናውን እንዲህ ለኩት። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንድ ሙሉ በረኪና ባልዲ ውስጥ ጨምሩ፤ በዚያው ሃይላንድ ዘጠኝ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አክሉበት። አምስት ሊትር ይወጣችኋል። ያንን ሃይላንድ ከዚያ በኋላ ጣሉት፣ ሰው ውሃ መስሎት እንዳይጠጣበት። በረኪናው ጽሑፍ ያለበት፣ ያልተከፈተና ጊዜው ያላለፈ ይሁን። መንገድ ላይ በማንኛውም ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው ጥንካሬው አይታወቅም። የተበጠበጠውም በዚያው ቀን ይለቅ፤ ካደረ ይደክማል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል።

አሁን ከበሩ ይጀምር። መጀመሪያ የሚቆምበትን ወለል ያርጥብ፣ ከዚያ እርምጃ በእርምጃ እያረጠበ ወደ ውስጥ ይግባ። ደረቅ ሰገራ ላይ መርገጥ ያው መጥረግ ማለት ነው። ሲረጭ በኃይል አይልቀቀው፤ ጠንካራ ጨረር ራሱ አቧራ ያስነሳል። ክምር ባለበት ቦታ በበረኪናው የተነከረ አሮጌ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማልበስ ይሻላል። ሰገራው ጠቁሮ እስኪርስ ድረስ ያጠጣውና አምስት ደቂቃ ይተወው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይረጩና ወዲያው ይጠርጋሉ። በረኪና ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፤ በረኪና ቆሻሻ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ሰገራ የተከመረበት ቦታ ላይ አንዴ ረጭቶ «ጸድቷል» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር የራሰውን በሶፍት ወይም በሚጣል ጨርቅ አንስታችሁ ፌስታል ውስጥ ትጨምራላችሁ፤ ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች፣ ወለሉን መጨረሻ። ቀጥሎ በሳሙና ውሃ ማሸትና በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። በሁለተኛው ዙር አዲስ የተበጠበጠ በረኪና ትቀቡና እንደገና አምስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። የብረት መደርደሪያ ከሆነ በኋላ በንጹህ ውሃ ይወልወል፣ አለበለዚያ ይዝጋል። እርጥቡን ጥግ ወደ መጨረሻ ተዉት። ያቆረውን ውሃ በረኪና ጨምራችሁበት በጨርቅ አንሱት እንጂ በመጥረጊያ ወደ ደጅ አትግፉት። ጣሪያው ካልተጠገነና ጥጉ ካልደረቀ ደግሞ ያ ቦታ መልሶ ይበከላል።

ጎጆ ወይም የሞተች አይጥ ካገኛችሁ እንደዚያው አርሳችሁ በሁለት ፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ሲመጡ ምን እንዳለበት ንገሯቸው። እነሱም በእጃቸው ነው የሚያነሱት።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ጤፉን ጣዪው። ኩንታል ጤፍ መጣል ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሽንት በማዳበሪያው በኩል ምን ያህል እንደገባ ማየት አይቻልም። በወንፊት ቢነፋ ሰገራው ይወጣል፣ ሽንቱ ግን ይቀራል፤ የሚነፋው ሰውም አቧራውን ይስባል። ለዶሮም ለሰውም አትስጪው። የተቀደደ የበርበሬና የሽሮ ላስቲክም እንደዚሁ ይጣል። ካርቶን ሽንት ይመጥጣል፤ አርሳችሁ እጠፉትና በፌስታል ይውጣ።

የቆርቆሮ መጠጥ፣ ያልተነካ የዘይት ጠርሙስና የታሸገ ነገር ይተርፋል። አንድ በአንድ በሳሙና ታጥቦ፣ በበረኪናው ተጠርጎ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። በቆርቆሮው ላይ አትሳሱ፤ ደንበኛሽ አፉን አስጠግቶ ነው የሚጠጣው። ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎድጓዳ በትንሽ ብሩሽ ፈትጉት። ካበጠ ወይም ከተበሳ ይጣል።

የግብር ደረሰኝሽና መዝገብሽ እዚያ ካሉ አይርጠቡ፣ አይጣሉም። በጓንት ይዛችሁ ሰው በማይደርስበት ቦታ ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ ዘርጓቸው። ፀሐይ ከሌለ ተዘግተው ለሳምንታት ይቆዩ። ሽፋናቸው በበረኪና በትንሹ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ።

ሥራው ሲያልቅ ወንድምሽ ጓንቱን ከእጁ ሳያወልቅ በበረኪናው ይታጠብ፣ ከዚያ ያውልቀው፣ ቀጥሎ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጽዳቱ እስኪያልቅ ድረስ ማጨስም መብላትም የለም።

ቀዳዳዎቹን ሳትደፍኑ ዕቃ አትመልሱ። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ክፍተት ትገባለች፤ ትልቋ ከአንድ ሳንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይበቃታል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ልሰኑት። ፎምና እንጨት ትቦረቡራለች። የበሩን ሥር በላሜራ ዝጉት። እህሉን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጪ፣ ዕቃውንም ከግድግዳው ትንሽ አራቂው፤ አዲስ ሰገራ ቢመጣ ወዲያው ይታይሻል።

በመጨረሻ ወንድምሽን ለአንድ ወር ተከታተዪው። ሌፕቶስፓይሮሲስ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከሁለት ቀን እስከ 30 ቀን ሊሄድም ይችላል። ድንገተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የባትና የጀርባ ሕመም፣ የዓይን መቅላት ምልክቶቹ ናቸው። እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ትኩሳት ሲመጣ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠይቀው «በዚህ ቀን የአይጥ ሽንት ያለበት ቤት አጽድቻለሁ» ብሎ ራሱ ይናገር። ቶሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ የሚታከም ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። በሩን ስትከፍቺ አንቺም ትንሽ ተንፍሰሻልና ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ይህንኑ ለሐኪምሽ ንገሪው። ትኩሳት ከተሰማሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ።